ጀበናው በልጄ ላይ ተደፋ

«ልጄ 14 ወሩ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና እያፈላሁ ሳለ ከኋላዬ መጥቶ ጀበናውን በአንገቱ ይዞ ሳበው። ደረቱና ግራ ክንዱ ላይ ተደፋበት። እኔ ደንግጬ ጮህኩ፤ አማቴ ሮጠው የጥርስ ሳሙና ቀቡት። ሹራቡን ያወለቅንለት ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነው። እዚያ አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ በፋሻ ጠቀለሉትና በየሁለት ቀኑ እንድንመላለስ ነገሩን። አሁን ደረቱ እየተሻለው ነው፤ ክንዱን ግን አጥፎ ይዞ አልዘረጋም አለ። ባለቤቴ በተቀመጠ ቁጥር “አንቺ የት ነበርሽ?” ይለኛል። እኔ ደግሞ አማቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው፤ የምናበስለውም የምንተኛውም እዚያው ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ጠባሳ ይቀርበት ይሆን? ቡና ማፍላቱንስ ልተወው?»

የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልሽ። የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ግን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ መነሳት ያለበት የክንዱ ነገር ነው፤ ቀን የማይሰጠው እሱ ነውና። ፋሻው ሲፈታ አይተሽው ከሆነ፣ ቁስሉ የክርኑን የውስጥ መታጠፊያ ያቋርጣል? የሚያቋርጥ ከሆነ ልጅሽ ክንዱን የሚያጥፈው ሲታጠፍ ቆዳው ስለሚላላና ሕመሙ ስለሚቀንስለት ነው። ለእሱ ማረፊያ ነው፤ ለቁስሉ ግን ወጥመድ ነው። የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ይሸበሸባል፣ ይሰበሰባል። ክንዱ ታጥፎ ከከረመ ቁስሉም በታጠፈበት ልክ ይዘጋና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ገመድ የሚወጥር ጠባሳ ይቀራል። ያኔ ክንዱን ለመዘርጋት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። አሁን ግን ገና ቀናት ናቸው፤ በጊዜ ደርሰሽበታል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሂጂና «ክንዱን አይዘረጋም» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ቁስሉ መገጣጠሚያ ላይ ካለ ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም የቃጠሎ ልምድ ያለው ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ሪፈር ጠይቂ። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው፤ አቤት ሆስፒታልም ለቃጠሎና ለድንገተኛ አደጋ ተብሎ የተቋቋመ ነው። ስትደርሺ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፤ ፋሻው ክንዱ ተዘርግቶ ሳለ ሊታሰር ይችላል ወይ? ሲተኛ ክንዱን ዘርግቶ የሚይዝለት መደገፊያ ያስፈልገዋል ወይ? መደገፊያውን ግን እነሱ ይሥሩት። በቤት ውስጥ እንጨት አስጠግቶ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ሊያደርግ ስለሚችል አትሞክሪው።

ቀን ቀን ደግሞ ክንዱን ይዘሽ አትጎትቺው፤ ራሱ እንዲዘረጋው አድርጊ። ሙዙን ወይም የሚወደውን መጫወቻ በግራ በኩል፣ ከትከሻው ትንሽ ከፍ አድርገሽ አሳዪውና እስኪዘረጋ ጠብቂው። ቀኝ እጁን ሊልክ ይሞክራል፤ በፍቅር መልሺውና እንደገና አሳዪው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ይህን የምታደርጊው ግን ሕመሙ በታገሰለት ሰዓት ነው፤ የታመመ ሕፃን አይዘረጋምና።

ለሕመሙ የሕፃናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ አለ። ልጅሽ 10 ኪሎ ግራም አካባቢ ከሆነና ጠርሙሱ «በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም» የሚል ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ትሰጪዋለሽ። በሁለቱ መጠኖች መካከል ቢያንስ 6 ሰዓት ይኑር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ጽሑፉን አንብቢው፤ ከዚህ በእጥፍ የጠነከረ ሽሮፕም በየፋርማሲው ይሸጣል፤ በእሱ ይህንኑ ልክ ብትሰጪው እጥፍ መድኃኒት መሆኑ ነው። የምትለኪውም በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ነው። አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም። ፋሻው በሚቀየርበት ቀን ከቤት ከመውጣትሽ በፊት፣ ማለትም ከመፈታቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀድመሽ ብትሰጪው፣ ለእሱም ለአንቺም ያን ሰዓት ያቀልለዋል። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ከተጣበቀ «እባክዎ በውሃ ያርሱት» በያቸው። ሲቦጨቅ የሚያመው ብቻ አይደለም፤ አዲስ የበቀለውን ስስ ቆዳም አብሮ ይነቅለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንድትጠብቂልኝ እፈልጋለሁ። ቁስሉ ንጹሕ ቢመስልም ልጁ በእነዚህ ቀናት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢያተኩሰው፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ቢወጣበት፣ ቢያስመልሰው ወይም ቢያስቀምጠው፣ አልጠባም አልበላም ብሎ ፍዝዝ ቢል፣ «ጉንፋን ይሆናል» ብለሽ አትደሪ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው። በትንሽ ቃጠሎ በኩል የሚገባ ጀርም የሚረጨው መርዝ ሕፃንን በሰዓታት ውስጥ ሊያደክም ይችላል፤ ቁስሉ ራሱ ሲታይ ግን ያን ያህል ላያስፈራ ይችላል። ሌላው፣ የሁላችሁም ዓይን የሚያየው ምልክት ነው፤ የቁስሉ ዙሪያ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ወይም ቀሎለት የነበረው ሕመም ተመልሶ ከባሰበት ተመለሺ። የክትባት ካርዱንም ይዘሽ ሂጂ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የተወጋቸው ክትባቶች የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም አለባቸው፤ የጎደለ ካለ እዚያው ንገሪያቸው።

ጠባሳ ይቀርበት እንደሆነ ጠይቀሻል። መልሱ ቃጠሎው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደዘለቀ ላይ ያለ ነው፤ ይህ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ አይታወቅም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይለዋወጣል። በጥቅሉ ግን እንዲህ ነው። ውሃ የቋጠረ፣ ከሥሩ ሮዝና እርጥብ የሆነ፣ ሲነካ የሚያመው ቁስል ላይኛው ቆዳ ላይ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል፣ ብዙም ጠባሳ አይተውም። ነጭ የሆነ ወይም የተዥጎረጎረ፣ ደረቅ፣ ሲነካም የማያመው ግን ጥልቅ ነው። ሕመሙ አለመኖሩ ሰውን ያዘናጋል፤ ነገር ግን የማያመው ነርቩ አብሮ ስለተቃጠለ ነው። በ14ኛው ቀን ገና ያልተዘጋ ቦታ ካለ «ጊዜ ይፈልጋል» ቢሉሽም ሪፈሩን አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያብጥና የሚወጥር ጠባሳ የሚተወው። ከዳነ በኋላ ቆዳው መጀመሪያ ፈዛዛ ወይም ሮዝ ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ። እሱ ጠባሳ ሳይሆን ገና መልኩን ያልያዘ ቆዳ ነው፤ ቀለሙ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየቀባሽ በጣትሽ ቀስ ብለሽ እሺው፤ ከፀሐይም በልብስ ሸፍኚው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ ወዳልሽው እንምጣ። የምነግርሽ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ራስሽን እንድትወቅሺበት አይደለም፤ 14 ወር የሆነው ልጅ ገና ብዙ የሚደርስበት ነገር ስላለ ነው።

መጀመሪያ ልብሱ። ሹራብ ትኩስ ቡና ሲደፋበት ይጠጣዋል፤ ጠጥቶም ቆዳው ላይ ለጥፎ ይይዘዋል። ቡናው ፈስሶ ያለቀ ይመስላል እንጂ ልጁ የለበሰው እሱን ነው። ስለዚህ ወዲያው ይወልቃል፤ በራስ በኩል መጎተት ፊቱን የሚነካው ከሆነ በመቀስ ይቀደዳል። ዳይፐርም እንዲሁ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው፤ ከደረት የወረደው ፈሳሽ ግን ዳይፐሩ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል። አምባር፣ ማተብና ቀለበት የመሰለ ነገር ካለም እብጠቱ ሳይጀምር ይወጣል። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ግን እሱ አይነቀልም፤ ዙሪያው ይቆረጣል።

ከዚያ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። ቆዳ ውስጥ የገባው ሙቀት ቡናው ከተጠረገም በኋላ ወደ ታች መዝለቁን አያቆምም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ነው የሚወጣው። ያም ቃጠሎው እንዳይጠልቅ ያደርጋል፣ ሕመሙንና እብጠቱንም ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ያፈስና ልጁ ሲጮህ ያቆማል፤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 20 ደቂቃ በሚጮህ ልጅ አጠገብ ዘመን ይመስላል፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን ስልክ ላይ በሰዓት ይያዝ። ሰው ሊያልፈው የሚችለው ሌላ ስሕተት ደግሞ «አሁንማ ረፍዷል» ማለት ነው። ቃጠሎው ከደረሰ በ3 ሰዓታት ውስጥ እስከሆነ ድረስ ውሃው አሁንም ይጠቅማል፤ በታክሲ ጤና ጣቢያ ከደረሳችሁ በኋላ እንኳ ሊደረግ ይችል ነበር።

ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ እንደማይኖረው አውቃለሁ። አንዱ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ በየደቂቃው አንድ ሊትር፣ ማለትም በጣሳ ቀስ እያልሽ ያለማቋረጥ ብታፈሺ፣ በትክክል 20 ደቂቃ ያዳርስሻል። ልጁን ሳፋ ላይ ይዘሽ ከሥር የሚጠራቀመውን ንጹሕ ውሃ መልሰሽ ብትጨልፊውም ይሆናል። ከዚያም ያነሰ ካለሽ ንጹሕ ጨርቅ እየነከርሽ ቁስሉ ላይ አኑሪ፤ ጨርቁ ግን ቶሎ ስለሚሞቅ በየደቂቃው እንደገና ይነከር። የአዲስ አበባ ውሃ እንደ ወረደ በቂ ቅዝቃዜ አለው። በረዶ ወይም ከፍሪጅ የወጣ የቀዘቀዘ ነገር አያስፈልግም፤ የደም ሥሮችን አኮማትሮ የተጎዳውን ቆዳ ይበልጥ ይጎዳዋል። ውሃው የሚፈሰው ቁስሉ ላይ ብቻ ነው። የቀረው ሰውነቱ በነጠላ ወይም በፎጣ ይጠቅለል፤ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋልና፣ በተለይ በክረምት። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ቃጠሎው በጣም ሰፊ ከሆነ ማሞቁ ይቀድማል፤ ውሃው ቆሞ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

የጥርስ ሳሙናው ለምን እንዳልረዳ ልንገርሽ። አፍ ውስጥ እንደሚያቀዘቅዘው ቆዳንም የሚያቀዘቅዝ ይመስላል፤ ቅዝቃዜው ግን ከቅመሙ የሚመጣ ስሜት እንጂ ሙቀት የሚያወጣ ነገር አይደለም። ይባስ ብሎ ላዩን ሸፍኖ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግደዋል። ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት ለማየት መጀመሪያ ያንን መፋቅ አለበት፤ የተቃጠለ ቆዳን መፋቅ ደግሞ ለልጁ ሁለተኛ ስቃይ ነው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ዱቄት፣ የቡና ዱቄት፣ ጭቃ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጀርምም ይዘው ይመጣሉ። ስለ ማር ይጠይቁሻል፤ ለቁስል ማልበሻ ተብሎ የተዘጋጀ ማር በሕክምና ውስጥ አለ። ሆኖም በመጀመሪያው ሰዓት ቦታው የውሃ ነው፤ የገበያ ማርም ትኩስ ቁስል ላይ አይደረግም።

የውሃው 20 ደቂቃ ካለቀ በኋላ ቁስሉ በንጹሕ፣ ክር በማያፈራ ጨርቅ ወይም በስስ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ይሸፈናል። ላስቲኩ ይነጠፍበታል እንጂ ዙሪያውን አይጠመጠምም፤ ክንዱ ሲያብጥ እንዳያንቀው። ውሃ የቋጠረው አይፈነዳም።

ሁልጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው የቱ ነው ካልሽኝ፣ መለኪያው ከልጁ ጋር ነው። የልጁ የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱን ቆዳ 1 በመቶ ያህል ይሸፍናል። ደረቱ ላይ ሁለት መዳፍ፣ ክንዱ ላይ አንድ ተኩል መዳፍ ቢሆን ሦስት ተኩል በመቶ ነው። መቅላት ብቻ ሳይሆን ውሃ የቋጠረውን ወይም የተላጠውን ነው የምትቆጥሪው። በሕፃን 10 መዳፍ ከደረሰ ሰውነቱ ፈሳሽ በብዛት ያጣል፤ በደም ሥር ፈሳሽ ሊያስፈልገው ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ካለ፣ ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን ከከበበ፣ ልጁ ገና ዓመት ካልሞላው፣ ወይም በእሳት ጭስ ውስጥ ከነበረና አተነፋፈሱ ከተለወጠ ቤት አይቆይም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ ውሃው ይቀጥላል።

አማትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ለልጁ የሮጡት እሳቸው አይደሉም? የሮጡት በሚያውቁት ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲደረግ ያዩት እሱ ነውና። ፊታቸውን ማየት ያቃተሽ እሳቸውን ጠልተሽ ሳይሆን ያ ሰዓት ዓይንሽ ላይ እየመጣብሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ልጅሽን ከማንም ቀድመው የሚያነሱት እሳቸው ስለሆኑ ዕውቀቱ በእሳቸው እጅ መግባት አለበት። ወደ ቀጠሮው አብረውሽ ይሂዱ፤ ነርሷን «እማዬም ይስሙ፣ ለሌላ ጊዜ ምን እናድርግ?» ብለሽ በፊታቸው ጠይቂ። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ወቀሳ ይመስላል፤ ከነርሷ ሲሰሙት ትምህርት ነው። ቤት ስትመለሱም የውሃውን ነገር ለእሳቸው ስጪ፤ «ይቺ ጀሪካን ሙሉ ሆና ጣሳዋ ላይዋ እንድትቀመጥ እርስዎ ይቆጣጠሩልኝ» በያቸው።

ባለቤትሽ «የት ነበርሽ» ሲል ድንጋጤው ነው የሚናገረው፤ ይህ ግን አንቺን መቁሰሉን አያስቀርም። መልሱ «እዚያው ነበርኩ» ነው፤ እውነትም እዚያው ነበርሽ። ልጅ ጀበና የሚስበው እናቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሳለ ነው፤ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። «ዓይንሽን ከልጁ ላይ አትንቀዪ» የሚለው ምክር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በተረጋጋበት ማታ እንዲህ ብትይውስ፤ «እኔም በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ። ግን ዓይኔ ብቻውን አይበቃም፤ የቤቱን አቀማመጥ አብረን እንለውጥ።» የሚሠራ ነገር ስጪው፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የእሱ እጅ የሚጠይቅ ነው።

ቡናውን አትተዪው፤ ሰዓቱንና ቦታውን ቀይሪለት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፍታው ዝቅ ስላደረገው ልጅን አያተርፍም። ጀበና ደግሞ ሸክላ ስለሆነ ከከሰሉ ከወረደ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። በ60 ዲግሪ፣ ትልቅ ሰው ፉት እያለ በሚጠጣው ሙቀት እንኳ የሕፃን ስስ ቆዳ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ክፉኛ ይቃጠላል። «ሻዩ በርዷል» የምንለው ኩባያም ከተቀዳ 15 ደቂቃ በኋላ ልጅን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ቀዝቅዟል ብሎ መገመት መከላከያ አይሆንም፤ መከላከያው ርቀት ነው።

አሁን ስታፈዪ የምትቀመጪበትን ቦታ አስቢው። ረከቦቱ የክፍሉ መሐል ነው? ልጁስ የሚመጣው ከጀርባሽ ነው? ከሆነ ረከቦቱንና ምድጃውን ወደ አንድ ጥግ አስጠጊ፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ሁለቱን ጎን ይዘጉልሻል፣ አንቺ በሦስተኛው ትቀመጫለሽ። ለቀረው ክፍት ጎን ባለቤትሽ ከእንጨት ፍሬምና ከሽቦ ወንፊት መከለያ ይሥራ፤ ቁመቱ ከልጁ ደረት በላይ፣ ሲገፋ እንዳይወድቅ ግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ ከምድጃውም ልጁ እጁን ቢዘረጋ እንዳይደርስ የራቀ። ጀበናው ከወረደ በኋላ ማቶቱ ላይ ይቀመጥ፤ ማቶቱ ያለቀና የላላ ከሆነ አዲስ ግዢ፣ ክብ ቂጥ ያለው ጀበና ያለ እሱ ለመገልበጥ ምንም አይፈልግም። ጠረጴዛ ላይ ማውጣት የተሻለ የሚመስላቸው አሉ። ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ግን ለእኔ ከመሬቱ የባሰ ነው፤ ልጁ ጨርቁን ሲስብ ከላይ የሚወርደው ፊቱ ላይ ነው።

ከተቻለ የምታፈዪው ልጁ በሚተኛበት ሰዓት ይሁን። ነቅቶ ከሆነ ከመጀመሪያው ከሰል እስከ መጨረሻው ስኒ ልጁን የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይጠራ፤ «ሁላችንም እያየነው ነው» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነውና። የያዘው ሰው እስኪቀየር ድረስ ራሱ ቡና አይጠጣም፤ ልጅ ጭን ላይ ሆኖ ስኒ መያዝ ሌላው የተለመደ የቃጠሎ መንገድ ነው። ስኒ በልጅ ራስ ላይ አይተላለፍ። አዝለሽውም አታፍዪ፤ ከጀርባሽ በኩል እጁ ወዴት እንደሚዘረጋ አታዪውም።

ቡናው ካለቀ በኋላ ያለው ከሰል ከቡናው ይልቅ ያሳስበኛል። አመድ የለበሰ ፍም ጠፍቷል ይመስላል፤ ከላዩ ግራጫና ለስላሳ ስለሆነ ልጅን ይጋብዘዋል፤ ውስጡ ግን ለሰዓታት ይግላል። ልጅ መዳፉን ያስገባና ከሕመሙ ብዛት ጨብጦ ይይዘዋል። ፍም የያዘ እጅ ጥልቅ ቃጠሎ ነው፤ ያለ ምንም ማመንታት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ጣቶቹም እንዳይጣበቁ አንድ በአንድ ተለይተው ነው የሚታሰሩት። ምድጃው ወደ ውጭ ወጥቶ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ውሃ ይፍሰስበት፤ እንፋሎቱና የሚረጨው አመድም ያቃጥላልና ራቅ ብለሽ አፍሺ። ውጭ ለልጅ እንቅፋት ይሆናል ብለሽ ፍሙን ቤት ውስጥ አታሳድሪ፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው የተኛ ቤተሰብ ይገድላል። የተጎዘጎዘው ቄጠማም ከምድጃው ዙሪያ ይነሳ፤ ሲደርቅ በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል። የልጁ ልብስ እሳት ከያዘ ይዘሽው አትሩጪ፤ አስተኝተሽ በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አፍነሽ አጥፊው፤ ከዚያ ውሃው ይከተላል።

የመታጠቢያውን ባጭሩ፤ ሳፋው ውስጥ ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ውሃ ይቅደም፣ ትኩሱ ይከተል፤ በክርንሽ ለክተሽው ለብ ያለ ብቻ ሲሆን ልጁ ይግባ። በራድ ይዘሽ ከልጁ በላይ አታልፊ፣ ልጁ ገብቶ ሳለም ትኩስ አትጨምሪበት።

ነገ ስትሄጂ ከጥያቄዎቹ መሐል የክንዱን አትርሺ። ከዚያ በሚቀጥለው የፋሻ ቅያሪ ግራ ክንዱ ከቀኙ እኩል መዘርጋቱን አስተያይተሽ ያየሽውን ጻፊልኝ።